የላብ ውጤት ሰንጠረዥ ላይ የዩኒት ቅያሪ ስህተት በ1000 እጥፍ ይጮኻል፤ እንዴት እንደምትሰሙት

የውጤት ሰንጠረዥ ሲሰጣችሁ ዓይናችሁ መጀመሪያ የሚሮጠው ወደ መጨረሻው ዓምድ ነው አይደል? ቁጥሩ ደስ ካለን እናልፈዋለን። ደስ ካላለን ደግሞ ሁሉንም እንደ አዲስ ልናሰላ እንቀመጣለን። በመጀመሪያው መንገድ ስህተት ያመልጠናል፣ በሁለተኛው ደግሞ ቀኑ ይመሻል።

የዩኒት ስህተት አንድ የሚያጋልጠው ጠባይ አለው። ሚሊግራምን ወደ ግራም ሲቀይር የተሳሳተ ሰው በ37 እጥፍ ወይም በ218 እጥፍ አይሳሳትም። የሚሳሳተው በ1000 እጥፍ ነው። ሁለት ቦታ ከተሳሳተ በ1,000,000 እጥፍ። ስለዚህ የተጻፈውን ውጤት እናንተ ከጥሬ ንባቡ ላወጣችሁት ውጤት አካፍሉትና የሚወጣውን እዩ። ብዙ ጊዜ ስህተቱ የት እንደተሠራ እሱ ራሱ ይነግራችኋል።

አንድ ምሳሌ ይዘን እንሂድ። ውሃ ውስጥ የሟሟ ጠጣር ስንት እንደሆነ የሚለካበት የቆየ ዘዴ አለ። የናሙናውን ውሃ በማጣሪያ አሳልፋችሁ ለክታችሁ፣ ቀድማችሁ በመዘናችሁት ሳህን ላይ ታተናላችሁ። ከዚያ ሳህኑን በ180 ዲግሪ ሴልሺየስ ታደርቁትና፣ ሲቀዘቅዝ መልሳችሁ ትመዝኑታላችሁ። የሁለቱ ሚዛን ልዩነት ቅሪቱ ነው። ይህን የመረጥኩት ሁለቱም ቅያሪ አንድ ላይ ስለሚገኝበት ነው። ሚዛኑ ግራም ያነባል፣ ውሃው በሚሊሊትር ይለካል፣ ውጤቱ ግን ሚሊግራም በሊትር ሆኖ ነው የሚጻፈው።

ሰንጠረዡ ይኸውላችሁ። ቁጥሮቹን ለምሳሌ እንዲሆኑ እኔ ነኝ ያዘጋጀኋቸው።

| ናሙና | ባዶ ሳህን (ግራም) | ሳህን ከነቅሪቱ (ግራም) | የውሃ መጠን (ሚሊሊትር) | የተጻፈው ውጤት (ሚሊግራም በሊትር) |
|---|---|---|---|---|
| 1 | 48.2315 | 48.2540 | 50 | 450 |
| 2 | 51.0872 | 51.1068 | 50 | 0.392 |
| 3 | 47.6640 | 47.7064 | 100 | 424 |
| 4 | 49.9127 | 49.9332 | 50 | 400 |
| 5 | 50.3308 | 50.3741 | 100 | 866 |

ሦስት ስህተት አለበት። አንዱ ዓይን ይወጋል። አንዱ ሲያዩት ምንም የማይመስል ነው። አንዱ ደግሞ ጭራሽ የዩኒት ስህተት አይደለም፣ ግን በዚሁ ፍተሻ ይያዛል።

ደረጃ 1፦ ከመጨረሻው ዓምድ በፊት ጥሬውን ዓምድ እዩ

መጀመሪያ መሣሪያው ላይ የተነበበውን ቁጥር ፈልጉ። እዚህ ጥሬ የሚባሉት ሁለቱ የሚዛን ንባቦችና የውሃው መጠን ናቸው፤ የቀረው ሁሉ ስሌት ነው። ከእያንዳንዱ ዓምድ አናት ላይ ዩኒቱ መጻፉን አረጋግጡ። ካልተጻፈ አትገምቱ፣ የላብ ደብተሩን ክፈቱ።

ከዚያ ቁጥሮቹ ከዩኒቱ ጋር ይሄዱ እንደሆነ በዓይን ገምግሙ። ባዶዎቹ ሳህኖች ሁሉም ወደ 50 ግራም ገደማ ናቸው፣ ለእንዲህ ዓይነት ሳህን ያስኬዳል። አንዱ ሳህን 241.1575 የሚል ቢሆን ኖሮስ? አንዳንድ ሚዛን ካራትም ያነባል፤ 1 ካራት 0.2 ግራም ነው፣ ስለዚህ ያው 48.2315 ግራም የሚመዝነው ሳህን በካራት 241.1575 ይሆናል። አንድ ሰው አዝራር ሳያውቅ ነክቶ ዩኒቱ ሊቀየር ይችላል። ሁለቱም ሚዛን በካራት ከተነበበ ልዩነቱም 5 እጥፍ ይሆናል፤ ኋላ የምትሠሩት የስሌት ፍተሻ ደግሞ ይህን አያይላችሁም፣ ምክንያቱም የተበላሸው ጥሬው ራሱ ነው። ለዚህ ነው ከዚህ የምንጀምረው።

ደረጃ 2፦ አንዱን ረድፍ ያለ ቀመር አውጡ

ናሙና 1ን እንውሰድ። 48.2540 ሲቀነስ 48.2315፣ 0.0225 ግራም። 1 ግራም 1000 ሚሊግራም ስለሆነ፣ 22.5 ሚሊግራም። ዩኒቱ ሲያንስ ቁጥሩ ይበዛል፤ ያንኑ ነገር በትንንሽ ቁራጭ ስንቆጥረው ቁራጩ መብዛቱ ግድ ነው። እስከዚህ ብዙ ሰው አይሳሳትም።

ሰው የሚሳሳተው ሚሊሊትሩ ላይ ነው። 50 ሚሊሊትር 0.050 ሊትር መሆኑን ሁሉም ያውቃል። ችግሩ መጠኑ አካፋይ ሆኖ ከታች መቀመጡ ነው። በ1000 ማካፈል ነው ወይስ ማባዛት? እዚያ ጋ እጅ ይንቀጠቀጣል። እኔ ስፈትሽ ይህን ጥያቄ ጨርሶ አልጠይቅም። በምትኩ «1 ሊትር ውስጥ ስንት ሃምሳ ሚሊሊትር አለ?» እላለሁ። 20 አለ። እያንዳንዱ ሃምሳ 22.5 ሚሊግራም ከያዘ፣ ሃያው 22.5 ሲባዛ በ20፣ 450 ሚሊግራም ይይዛል። የተጻፈው 450 ነው፤ ልክ ነው።

ይህ አካሄድ ሌላም ጥቅም አለው። ሰንጠረዡን የሠራው ሰው በተጠቀመበት ቀመር ከፈተሻችሁት ስህተቱን መድገም ነው፤ ቀመሩ ከተጣመመ የእናንተም አብሮ ይጣመማል። በሌላ መንገድ ሄዳችሁ እዚያው ከደረሳችሁ ግን የምር ተፈትሿል። 100 ሚሊሊትር ሲሆን ደግሞ 10 ጊዜ ነው፣ በቃ። ናሙና 3ን በቃላችሁ ሞክሩት፦ 42.4 ሚሊግራም፣ አሥር ጊዜ፣ 424።

ደረጃ 3፦ የራሳችሁን ዓምድና የድርሻውን ዓምድ ጨምሩ

አምስት ረድፍ በቃል ይሠራል። ሁለት መቶ ሲሆን ኤክሴል ይሻላል። ከላይ ያሉት ዓምዶች ከኤ እስከ ኢ በቅደም ተከተል የተቀመጡ ከሆነ፣ ኤፍ ላይ ከጥሬው የሚወጣውን ውጤት፣ ጂ ላይ ድርሻውን፣ ማለትም የተጻፈው ውጤት ለኤፍ ሲካፈል የሚወጣውን፣ አስቀምጡ።

```
F2:  =(C2-B2)*1000/(D2/1000)
G2:  =E2/F2
```

የመጀመሪያው 1000 ግራሙን ሚሊግራም ያደርገዋል። ሁለተኛው ሚሊሊትሩን ሊትር ያደርገዋል። ሁለቱን አንድ ላይ ጨፍልቃችሁ በ1,000,000 ማባዛት ትችላላችሁ፣ ሒሳቡም አይለወጥም፤ ግን እባካችሁ አታድርጉት። ከስድስት ወር በኋላ ፋይሉን የሚከፍተው ሰው ሚሊዮኑ ከየት እንደመጣ አያውቅም፣ ያ ሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ እናንተው ናችሁ።

ቀመሩን ወደ ታች ከመጎተታችሁ በፊት የኤፍ የመጀመሪያው ረድፍ በቃል ካገኛችሁት 450 ጋር መግጠሙን እዩ። ሳይገጥም ከጎተታችሁት ሁለት መቶ ስህተት በአንድ ጊዜ አመረታችሁ ማለት ነው።

አንድ ወጥመድ ልንገራችሁ። ድርሻውን በሦስት አሃዝ ብቻ እንዲያሳይ ካደረጋችሁት፣ የሚሊዮን እጥፍ ስህተት 0.000001 ስለሆነ 0.000 ብሎ ይታያል፤ በችኮላ ሲያልፉት ባዶ ረድፍ ይመስላል። ሴሉን በሳይንሳዊ አጻጻፍ እንዲያሳይ አድርጉት። ደግሞ «በትክክል 1 ካልሆነ ስህተት ነው» የሚል ቀመር አትጻፉ። ኮምፒውተሩ የነጥብ ቁጥሮችን ሲቀንስ በጣም ትንሽ ጭራ ስለሚተው፣ ደህናው ረድፍ ሁሉ ስህተት ሊባል ይችላል። ለ1 በጣም የቀረበ ከሆነ ይበቃል።

ደረጃ 4፦ ድርሻውን አንብቡት

የኛ ሰንጠረዥ ድርሻዎች በቅደም ተከተል 1፣ 0.001፣ 1፣ 0.976 እና 2 ናቸው። አንድ በአንድ እንያቸው።

*0.001፣ ናሙና 2።* ይህ የዩኒት ስህተት የሚተወው መልክ ነው። ቅሪቱ 19.6 ሚሊግራም፣ መጠኑ 50 ሚሊሊትር። ሠሪው 19.6ን ለ50 አካፍሎ 0.392 ጻፈ። ቁጥሩ በራሱ ውሸት አይደለም! 0.392 ሚሊግራም በሚሊሊትር ነው፤ 0.392 ግራም በሊትርም ነው። እነዚህ ሁለቱ ሁልጊዜ አንድ ቁጥር ይሰጣሉ፣ ምክንያቱም ከላይም ከታችም በ1000 ነው የሚቀየረው። ይህን እኩልነት በቃላችሁ ያዙት፣ ብዙ ግራ መጋባት ያድናል። ውሸቱ ያለው ዓምዱ አናት ላይ ነው፤ እዚያ የተጻፈው ሚሊግራም በሊትር ስለሆነ ረድፉ 392 ማለት ነበረበት።

ሁለቱንም ቅያሪ የረሳ ሰው ቢሆን 0.0196 ግራምን ለ50 አካፍሎ 0.000392 ያገኝ ነበር፤ የሚሊዮን እጥፉ ይኸው ነው። ድርሻው 1000 ሆኖ ከወጣ ደግሞ አንድ ጊዜ ብዙ ተባዝቷል። ግን እዚህ ጋ ቆም በሉ፤ 1000 የሚያወጣ ሌላ ነገርም አለ፣ እሱም ኮማ። አንዳንድ መሣሪያና አንዳንድ አገር የነጥቡን ቦታ በኮማ ይጽፋል። 22,500 ተብሎ የተላከውን ሃያ ሁለት ነጥብ አምስት፣ የእናንተ ኮምፒውተር ሃያ ሁለት ሺህ አምስት መቶ ብሎ ሊያነበው ይችላል። አሻራው ከዩኒት ስህተት ጋር አንድ ነው፣ መድኃኒቱ ግን ሌላ። ስለዚህ ድርሻው 1000 ሲሆን ቀመሩን ከማስተካከላችሁ በፊት ጥሬው ሴል ውስጥ ምን እንዳለ ጠቅ አድርጋችሁ እዩ።

*0.976፣ ናሙና 4።* እኔን ለብዙ ጊዜ ያታለለኝ ይህ ዓይነቱ ነው። 1000 የለ፣ 10 የለ። ቁጥሩ ከጎረቤቶቹም ጋር ይመሳሰላል። ማን ይጠረጥረዋል?

ጥሬውን ስናወጣ ልዩነቱ 0.0205 ግራም ነው። 20.5 ሚሊግራም፣ ሃያ ጊዜ፣ 410። የተጻፈው ግን 400። ይህን ለማግኘት ቅሪቱ 20.0 ሚሊግራም፣ ማለትም 0.02 ግራም መሆን ነበረበት። አሁን ገባችሁ? የቅሪቱ ሴል ሁለት አሃዝ ብቻ እንዲያሳይ ተደርጎ ነበር፣ ስለዚህ 0.0205 በስክሪኑ ላይ 0.02 ሆኖ ታየ፤ ሠሪውም የታየውን በእጁ ገልብጦ አሰላ። ሴሉ ውስጥ ያለው ቁጥር አልተነካም። የጠፋው ሲገለበጥ ነው።

ይህ የዩኒት ቅያሪ ልጅ ነው ብል አላጋነንኩም። ሚሊግራም ግራም ሲሆን ቁጥሩ ከነጥቡ በኋላ ወደ ቀኝ ይሸሻል፤ ለ20.5 የበቃው አንድ አሃዝ ለ0.0205 አይበቃም፣ አራት ያስፈልጋል። ወደ ትልቅ ዩኒት በ1000 ስትቀይሩ ከነጥቡ በኋላ ሦስት ቦታ ጨምሩ። ትርጉም ያላቸው አሃዞች ብዛት ከቅያሪው በፊትና በኋላ አንድ መሆን አለበት፤ 2፣ 0፣ 5 ሦስት ናቸው፣ ከቅያሪው በኋላም ሦስት ሆነው መቅረት አለባቸው። ተቃራኒውም ይሠራል፦ 0.0205 ግራም ተቀይሮ 20.500 ሚሊግራም ተብሎ ከተጻፈ ሚዛኑ ያላየውን ትክክለኛነት መፈልሰፍ ነው።

*2፣ ናሙና 5።* ከሚሊግራምና ከሊትር ጋር የተያያዘ ቅያሪ በ2 አይሳሳትም። ስለዚህ ዩኒቱን ተዉትና ሌላ ቦታ ሂዱ። ቅሪቱ 43.3 ሚሊግራም ነው። በ10 ስናባዛው 433፣ በ20 ስናባዛው 866። ሠሪው ከላይ ያለውን ረድፍ ልማድ ይዞ 50 ሚሊሊትር ብሎ አስቧል።

ወይስ በእርግጥ የተወሰደው 50 ሆኖ ሰንጠረዡ ላይ 100 ተብሎ የተጻፈው ነው ስህተቱ? እንደዚያ ከሆነ 866 ልክ ነው፣ መስተካከል ያለበት የመጠኑ ዓምድ ነው። ድርሻው ሁለቱ እንደማይስማሙ ብቻ ነው የሚናገረው፣ የትኛው ጥፋተኛ እንደሆነ አይናገርም። ቸኩላችሁ ውጤቱን በግማሽ እንዳትቆርጡት። መልሱ ያለው ውሃው ሲለካ በተጻፈው የላብ ደብተር ላይ ነው።

እግረ መንገዴን፣ በትክክል 10 ወይም በትክክል 5 ሲወጣ መጀመሪያ የምጠረጥረው ማቅጠንን ነው። ናሙናው 10 እጥፍ ቀጥኖ ተለክቶ፣ የተጻፈው ውጤት መልሶ ሲባዛ የእናንተ ኤፍ ሳይባዛ ቀርቶ ይሆናል። እሱም ቢሆን ከደብተሩ ነው የሚጣራው።

ደረጃ 5፦ ከሰንጠረዡ ውጭ የሆነ ምስክር ፈልጉ

አንድ ረድፍ ብቻ ሲሳሳት ጎረቤቶቹ ያጋልጡታል። 450፣ 424 እና 400 መሀል 0.392 መደበቂያ የለውም። ዓምዱ በሙሉ ሲሳሳትስ? ሁሉም 0.45፣ 0.392፣ 0.424 እያሉ ተሰልፈው ሲታዩ እንዴት ደስ ይላሉ መሰላችሁ። አንድ ጊዜ እንዲህ ያለ ሙሉ ዓምድ አንብቤ፣ ቁጥሮቹ እርስ በርስ ይቀራረባሉ ብዬ ፈርሜ አሳልፌያለሁ። የያዘኝ ውሃውን ከምንጩ የሚያውቅ ሰው ነበር፤ «ይሄ ከተጣራ የላብ ውሃ ይነጻል እንዴ?» አለኝ።

ለዚህ የሚጠቅመው ሌላ መሣሪያ የለካው ቁጥር ነው። ለሟሟ ጠጣር ጥሩ ምስክር የውሃው ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅም ነው። ለተለመደ የተፈጥሮ ውሃ፣ ጠጣሩ በሚሊግራም በሊትር፣ ማስተላለፉ በማይክሮሲመንስ በሴንቲሜትር ሲሆን፣ አንደኛው ለሌላኛው ሲካፈል አብዛኛውን ጊዜ ከ0.55 እስከ 0.7 ገደማ ይወጣል። ናሙና 5 ላይ ሜትሩ 700 አንብቦ ነበር እንበል። 433 ለ700 ሲካፈል 0.62 ገደማ፣ ያስኬዳል። 866 ግን 1.24 ያወጣል፣ አያስኬድም። ስለዚህ ደብተሩን ስትከፍቱ የምትጠብቁት 100 ሚሊሊትርን ነው።

ይህ ሻካራ ፍተሻ ነው። የ1000 እጥፍና የ2 እጥፍ ስህተት ይይዛል፤ የናሙና 4ን ዓይነት ግን አያይም፣ 400ም 410ም እዚያው ክልል ውስጥ ናቸው። ምስክሩንም ቢሆን ዩኒቱን ጠይቁት፤ ብዙ ሜትሮች ማስተላለፉ ሲጨምር ራሳቸው ከማይክሮሲመንስ ወደ ሚሊሲመንስ ይዘላሉ፣ ያነበበው ሰው ደግሞ ቁጥሩን ብቻ ጽፎ ይሄዳል።

ደረጃ 6፦ ወደ ሪፖርት ከተገለበጠ በኋላ ዩኒቱን እንደገና አንብቡ

ቁጥሩ ሁሉ ተስተካክሎ ዩኒቱ መንገድ ላይ ሊለወጥ ይችላል። በጣም ክፉው የማይክሮ ምልክት ነው። በድሮ ሰነዶች ይህ ምልክት ሲምቦል በሚባለው ፎንት «m» ተብሎ ይጻፍ ነበር፤ ፎንቱ ሲቀየር ምልክቱ ወደ ተራ «m» ይመለሳልና ማይክሮግራም የነበረው ሳይታወቅ ሚሊግራም ይሆናል።

```
µg/L   →   mg/L
```

ቁጥሩ አልተነካም፣ ቀመሩ አልተነካም፣ የድርሻው ዓምድ 1 እያለ ነው፣ ውጤቱ ግን 1000 እጥፍ አድጓል። ስህተቱ የሚያዘው የመጀመሪያውን ፋይልና የመጨረሻውን ገጽ ጎን ለጎን አድርጎ የዓምዶቹን አናት በጣት እየተከተሉ በማንበብ ብቻ ነው። የምትችሉ ከሆነ «ማይክሮግራም» ብላችሁ በሙሉ ቃል ጻፉት። ሊትርንም በትልቁ «L» ጻፉ፤ ትንሹ ከ1 ጋር ይምታታል። በዚሁ ምክንያት ትልቁ በ1979 በዓለም አቀፉ የመለኪያ ጉባኤ ተፈቅዷል።

ደረጃ 7፦ ስታርሙ አሮጌውን አታጥፉት

ወረቀት ላይ ከሆነ በቀድሞው ቁጥር ላይ አንድ መስመር አስምሩ፣ ግን ይነበብ። አጠገቡ ትክክለኛውን፣ ምክንያቱን በአጭሩ፣ ቀኑንና የስማችሁን ምልክት ጻፉ። ፋይል ላይ ከሆነ የተጻፈው ዓምድ እንዳለ ይቆይና ለታረመው ሌላ ዓምድ ክፈቱ። ለናሙና 2 «ሚሊግራም በሚሊሊትር ተሰልቶ ነበር፣ በ1000 ተባዝቷል» ይበቃል። ለናሙና 4 «ከተጠጋጋ ቁጥር ተገልብጦ ነበር፣ ከጥሬው እንደገና ተሰልቷል»።

ናሙና 5ን ደብተሩ እስኪገኝ ባዶ ተዉት። ደብተሩ 100 ካለ 433 ትጽፋላችሁ። 50 ካለ ከማስተላለፉ ንባብ ጋር ስለማይስማማ፣ ከጠርሙሱ የቀረ ውሃ ካለ ምርመራው ይደገም።